ጥቁር ምስል ሲደርሰው ምን ይበል?

አንዲት ባለሱቅ ከደንበኛዋ የመጣላትን የክፍያ ስክሪንሾት ለሰው ሠራሽ አስተውሎት መሣሪያ ጭና «ስንት ብር ነው የገባው?» ብላ ጠየቀች እንበል። ምስሉ ግን ከዳር እስከ ዳር ጥቁር ነው። እዚህ ላይ የሚያሰጋው መሣሪያው ዝም ማለቱ ሳይሆን «2,500 ብር» ብሎ መመለሱ ነው። ጥያቄው ራሱ ደረሰኝ እንዳለና ገንዘብ እንደተላከ አስቀድሞ ነግሮታል። ደረሰኝ ምን እንደሚመስል ደግሞ ከሥልጠናው ያውቃል፤ ስለዚህ ያላየውን ቁጥር ከልምዱ ሊሞላው ይችላል።

ትክክለኛው መልስ አጭር ነው፦ «ምስሉ ደርሶኛል፤ ግን ሙሉ በሙሉ ጥቁር ሆኖ ነው የሚታየኝ። ጽሑፍም ቁጥርም አይታይበትም፤ ስለዚህ የገንዘቡን መጠን መናገር አልችልም። ስክሪንሾቱ ከባንክ መተግበሪያ የተነሣ ከሆነ መተግበሪያው ከልክሎት ይሆናል፤ ደረሰኙን በፒዲኤፍ ማግኘት ከቻሉ እሱን ይላኩልኝ።»

«ይሆናል» የምትለዋ ቃል እዚህ ቦታዋ ነው። በአንድሮይድ ስልክ አንድ መተግበሪያ `FLAG_SECURE` የሚባለውን መከላከያ ካበራ ስክሪንሾቱ ይከለከላል፤ ወይም ጥቁር ሆኖ ይወጣል። ነገር ግን ሌላም ምክንያት አለ። ጀርባው ገላጣ በሆነ ፒኤንጂ ፋይል ላይ የተጻፈ ጥቁር ፊርማ በነጭ ገጽ ላይ ጥርት ብሎ ይታያል፤ ፋይሉ ሲቀየር ጀርባው በጥቁር ከተሞላ ግን ሁሉም ጥቁር ይሆናል። መሣሪያው የሚያየው የመጨረሻውን ውጤት ብቻ ስለሆነ «ጥቁር ምስል ልከዋል» ብሎ ላኪውን መውቀስ አይገባውም። የደረሰውን በእርግጠኝነት፣ ምክንያቱን በግምት ይናገር።

ይበልጥ የሚያሳስተው ግማሹ የተበላሸ ፋይል ነው። ኔትወርክ ተቋርጦ ሳያልቅ የቀረ ጄፔግ ብዙ ጊዜ ከላይ ደህና ሆኖ ከታች ግራጫ ይሆናል። የደረሰኙ ላይኛው ክፍል ላይ ስምና ቀን ይነበባል፤ ገንዘቡ ግን ከግራጫው ሥር ቀርቷል። እንዲህ ሲሆን «ምንም አይታይም» ማለትም ስሕተት ነው። ስሙንና ቀኑን አንብቦ፣ ከዚያ በታች ያለው እንዳልተከፈተለት መናገር አለበት። ፋይሉ ጭራሽ ካልተከፈተ ደግሞ «ባዶ ነው» አይበል፤ ባዶ ምስልና ያልተከፈተ ምስል ለየቅል ናቸው።

ባለሱቋ «በእኔ ስልክ ይታያል እኮ!» ልትል ትችላለች። እውነቷን ሊሆን ይችላል፤ ስልኮች ለጋለሪ የሚያሳዩትን ትንሿን ምስል ከዋናው ለይተው ስለሚያስቀምጡ ዋናው ተበላሽቶ ትንሿ ደህና ልትቀር ትችላለች። መሣሪያው ታዲያ «ይቅርታ፣ አሁን ታየኝ» ብሎ ቁጥር መፍጠር የለበትም። ምስሉን በጋለሪ ከፍታ እንድታሰፋው ይጠይቃት፤ ስታሰፋው ከጠቆረ ወይም ካልተከፈተ ደንበኛዋ እንደገና ይላክላት።