በሳንቲም የሚቆጥር ቴርሞሜትር

ቢሾፍቱ ጫጩት የምታሳድገው የአክስቴ ልጅ የደወለችልኝ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ነው። «ስማ፣ ይሄ የሰጠኸኝ ሳጥን ሲቀነስ 11 ነጥብ ሲቀነስ 2 ይላል። ጫጩቶቹ ደግሞ አፋቸውን ከፍተው እያለከለኩ ነው» አለችኝ። አምፖሉን እንድትነቅል ነገርኳት። ሲቀነስ 11 ይቅርና «ነጥብ ሲቀነስ 2» የሚባል ሙቀት በምድር ላይ እንደሌለ ሁለታችንም እናውቃለን። ጥፋቱ የማን እንደሆነም ወዲያው ገብቶኛል። ፕሮግራሙን የጻፍኩት እኔ ነኝ።

ሳጥኑ ውስብስብ ነገር የለውም። ኤልኤም35 የሚባል ሦስት እግር ያለው የሙቀት ሴንሰር፣ ኤቲታይኒ85 የሚባል ስምንት እግር ያለው ትንሽ ማይክሮኮንትሮለር፣ አንድ ስክሪን እና ማሞቂያ አምፖሉን የሚያበራና የሚያጠፋ ሪሌይ ነው ያለው። በመጀመሪያው ሳምንት ጫጩት 33 ዲግሪ አካባቢ ሙቀት ይፈልጋል። ክፍሉ ከዚያ ሲቀዘቅዝ አምፖሉ ይበራል፣ ሲሞቅ ይጠፋል።

ችግሩ ያለው ቺፑ ነጥብ ያለበትን ቁጥር አለማወቁ ላይ ነው። ላፕቶፕዎ ውስጥ ያለው ፕሮሰሰር 24.9ን ከ3.7 ጋር ለማባዛት ለዚሁ ሥራ የተሠራ ክፍል አለው፤ ነጥቡ የት እንደሚያርፍ ከቁጥሩ ጋር አብሮ ይዞ ስለሚሄድ ስሌቱ «ተንሳፋፊ ነጥብ» ይባላል። ኤቲታይኒ85 ይህ ክፍል የለውም። መደመር፣ መቀነስ እና ቢቶችን ወደ ግራና ወደ ቀኝ መግፋት ይችላል፤ ማካፈል ቀርቶ የማባዛት ትእዛዝ እንኳ የለውም። ፕሮግራሙ ውስጥ ነጥብ ያለው ቁጥር ከጻፍን፣ ፕሮግራሙን ወደ ቺፑ ቋንቋ የሚቀይረው ኮምፓይለር ተንሳፋፊ ነጥብን በመደመርና በመግፋት የሚያስመስል የፕሮግራም ጥቅል አብሮ ይጭንበታል። አንድ ስሌት ከመቶ በላይ እርምጃ ይፈጅበታል። በሴኮንድ አንዴ ለሚያነብ ቴርሞሜትር ፍጥነቱ ግድ አይሰጠኝም ነበር፤ ያስጨነቀኝ ቦታው ነው። ቺፑ ለፕሮግራም ያለው 8 ኪሎባይት ብቻ ሲሆን ከዚያ ላይ የስክሪኑ ፕሮግራም ትልቁን ድርሻ ወስዷል። ሙቀቱን በ`%f` ለማሳተም ስሞክር ደግሞ ስክሪኑ ላይ የወጣው አንድ የጥያቄ ምልክት ነው። የዚህ ቺፕ ቤተኛ ቤተመጻሕፍት ቦታ ለመቆጠብ ሲል ነጥብ ያለው ቁጥር ማተምን ከመደበኛ ሥራው አውጥቶታል።

መፍትሔው ሱቅ ውስጥ ያለ ነው። 24 ብር ከ90 ሳንቲም የሚሸጥ ዕቃ ዋጋው 2,490 ሳንቲም ነው ብንል ነጥቡ ይጠፋል፤ ሒሳቡን ሁሉ በሳንቲም ሠርተን መጨረሻ ላይ «ብር» ስንል ብቻ ነጥቡን ከሁለት አኃዝ በፊት እናስገባለን። ነጥቡ ቦታውን ስለማይለቅ ይህ አሠራር «ቋሚ ነጥብ» ይባላል። የእኔ ሳንቲም የዲግሪ አንድ አሥረኛ ነው፤ 24.9 ዲግሪ በቺፑ ውስጥ 249 ነው። ለማሳየት ሲፈለግ ለ10 ተካፍሎ ድርሻው ይጻፋል፣ ነጥብ ይደረጋል፣ ቀሪው ይከተላል።

አሁን ሴንሰሩን እንየው። ኤልኤም35 ለእያንዳንዱ ዲግሪ 10 ሚሊቮልት ይሰጣል፤ ስለዚህ አንድ ሚሊቮልት የዲግሪ አንድ አሥረኛ ነው ማለት ነው። ሚሊቮልቱን ካወቅሁ ሙቀቱን በ«ሳንቲም» አወቅሁ፤ እንዲህ ያለ ምቹ ሴንሰር ሁልጊዜ አይገኝም። ቺፑ ግን ሚሊቮልት አያነብም። ከ0 እስከ 5 ቮልት ያለውን በ1,024 እርከን ከፍሎ ከ0 እስከ 1023 ያለ ቁጥር ይሰጠኛል። ንባቡን በ5000 አባዝቼ ለ1024 ሳካፍል ሚሊቮልቱ ይገኛል።

ለ1024 ማካፈል ደስ የሚል ነገር ነው። እኛ በአሥር ስለምንቆጥር 31,875ን ለ100 ስናካፍል የመጨረሻዎቹን ሁለት አኃዞች እንቆርጣለን፣ 318 ይቀራል። ቺፑ በሁለት ስለሚቆጥር አንድ ቢት ወደ ቀኝ ገፍቶ በጣለ ቁጥር ለሁለት አካፈለ። አሥር ቢት ቢጥል ለ1024 አካፈለ፤ የማካፈል ትእዛዝ አያስፈልገውም። ማባዛቱም ቢሆን ከመግፋት ይሠራል። በአንድ በኩል በግማሽ እየቀነሱ፣ በሌላ በኩል እጥፍ እያደረጉ የማባዛት ዘዴ በሒሳብ መጻሕፍትና በፕሮግራመሮች ዘንድ «የኢትዮጵያ ማባዛት» የሚል ስም አለው። 51ን በ5 ለማባዛት 51፣ 25፣ 12፣ 6፣ 3፣ 1 እያሉ ቀሪውን ጥለው ይወርዳሉ፤ በትይዩ 5፣ 10፣ 20፣ 40፣ 80፣ 160 ይጽፋሉ። በግራ ጎደሎ ቁጥር ባለበት ረድፍ ያሉትን 5፣ 10፣ 80 እና 160 ሲደምሩ 255 ይመጣል። በግማሽ መቀነስ ወደ ቀኝ መግፋት ነው፣ እጥፍ ማድረግ ወደ ግራ መግፋት ነው። ኤቲታይኒ85 ውስጥ ማባዛት የሚሠራው በዚሁ መንገድ ነው።

እስከዚህ ድረስ ሁሉም ትክክል ነበር። የመጀመሪያውን ፕሮግራም ስጭን ግን ስክሪኑ «0.-7» አለኝ። ንባቡ 51 ነበር፤ 51 በ5000 ሲባዛ 255,000 ነው። በዚህ ቺፕ ላይ `int` ተብሎ የተጻፈ ቁጥር 16 ቢት ብቻ ስላለው ከ32,767 በላይ አይዝም። ከዚያ ሲያልፍ እንደ መኪና ኪሎሜትር ቆጣሪ ዞሮ ይመለሳል፤ የሚመለሰው ግን ወደ ዜሮ ሳይሆን ከዜሮ በታች ወዳለው ጥግ ነው። ማስጠንቀቂያ የለም፣ ፕሮግራሙም አይቆምም። ከ255,000 የተረፈው −7144 ነበር፤ አሥር ቢት ሲገፋ −7 ሆነ። −7ን ለ10 ሲያካፍለው ድርሻው 0፣ ቀሪው −7 ነው። ያ አስቂኝ ጽሑፍ የመጣው ከዚህ ነው።

እኔም ብልህ የሆንኩ መስሎኝ ክፍልፋዩን አቀለልኩት። 5000 ለ1024 ማለት 625 ለ128 ማለት ነው፤ ሁለቱንም ለ8 ማካፈል ነው።

```c
int t = raw * 625 >> 7;
```

51 በ625 ሲባዛ 31,875 ነው፣ 32,767 ውስጥ ይገባል። ሰባት ቢት ሲገፋ 249፤ ስክሪኑም 24.9 አለ። አዲስ አበባ ቤቴ ውስጥ ጠዋት 21.9፣ ረፋድ ላይ 24.9 እያለ ሁለት ቀን ሠራ። ላፕቶፔ ላይም 1,024ቱን ንባቦች ሁሉ አስገብቼ ፈትሼው ነበር፣ አንድም ስህተት አልወጣም። ላፕቶፕ ላይ `int` 32 ቢት መሆኑን የሚያስብ ሰው ቢኖር ኖሮ ያ ፍተሻ ምንም እንደማያረጋግጥ ይነግረኝ ነበር። ሳጥኑን አሽጌ ቢሾፍቱ ላክሁት።

ከስልኩ በኋላ ሁለተኛውን ሳጥን አውጥቼ ሴንሰሩን በጣቶቼ ያዝኩት። 24.9፣ ቀጥሎ 25.3፣ ቀጥሎ «-25.-4»። ንባቡ 52 ሲሆን ውጤቱ 32,500 ነው፤ በጭንቅ ገባ። 53 ሲሆን 33,125 ነው፤ ዞረ። ከ25.8 ዲግሪ ጀምሮ ሳጥኔ ክፍሉ ከበረዶ በታች ነው ብሎ ያምናል። እዚህ ላይ ነው ሪሌዩ ነገሩን ያከፋው፤ 33 ዲግሪ ያልደረሰ ስለመሰለው አምፖሉን አያጠፋም። የአክስቴ ልጅ ስትደውል የነበረው ንባብ 82 መሆን አለበት፤ በእጅ ብታሰሉት −112 ይሰጣል፣ እውነተኛው ሙቀት ደግሞ 40 ዲግሪ ነው።

ይህን ለመያዝ ማሽን አያስፈልግም። ሊመጣ የሚችለውን ትልቁን ንባብ በማባዣው ማባዛት ብቻ ነው፦ 1023 በ625 639,375 ነው። ከ32,767 ጋር ሲተያይ ምንም የሚያከራክር ነገር የለውም። ቁጥሩን ከዜሮ በታች እንዳይሄድ አድርጎ ማወጅ ጣሪያውን ወደ 65,535 ያሳድገዋል፤ ግን እሱም 50.7 ዲግሪን ሲያልፍ ወደ 0.0 ይወድቃል። የጫጩት ቤት 50 ዲግሪ አይደርስም ብዬ ልተወው ፈልጌ ነበር። አንዴ የተሸወደ ሰው እንዲህ ባይል ይሻለዋል። ማባዛቱ በ32 ቢት እንዲሠራ አደረግሁ፤ ጥቂት ተጨማሪ እርምጃ ይፈጃል እንጂ ሌላ ዕዳ የለውም።

እግረ መንገዴን ሌላ ነገር አስተዋልኩ። 24.9፣ 25.3፣ 25.8፤ መሃሉ የት ሄደ? አምስት ቮልት ለ1,024 ሲከፈል አንዱ እርከን ግማሽ ዲግሪ ገደማ ነው። ከነጥቡ በኋላ ያለው አኃዝ የለበጣ ነበር፤ የትኛውም ስሌት ሴንሰሩ ላይ ያልተነበበን ነገር አይፈጥርም። ቺፑ ውስጥ 1.1 ቮልት የሚሰጥ የራሱ መነሻ ስላለ በ5 ቮልት ፋንታ እሱን ተጠቀምኩ፤ እርከኑ የዲግሪ አንድ አሥረኛ ገደማ ሆነ። ማባዣውም 1100 ለ1024፣ ማለትም 275 ለ256 ይሆናል። 256 ለዚህ ቺፕ ስጦታ ነው። በአንድ ትእዛዝ አንድ ቢት ብቻ ስለሚገፋ ሰባት መግፋት ድካም አለው፤ ስምንት መግፋት ግን የታችኛውን ባይት ትቶ ከላይኛው መጀመር ብቻ ነው።

ያ 1.1 ቮልት ግን ከቺፕ ቺፕ ይለያያል፤ አምራቹ ራሱ ከ1.0 እስከ 1.2 ሊሆን ይችላል ይላል። ሴንሰሩን በላስቲክ ጠቅልዬ ከቤት ቴርሞሜትር ጋር ለብ ያለ ውኃ ውስጥ ከተትኳቸው። ቴርሞሜትሩ 36.7 ሲል የእኔ 37.4 አለ። ይህን ለማስተካከል አዲስ ስሌት መጨመር አላስፈለገም፤ 275ን በ367 አባዝቼ ለ374 ሳካፍል 270 ገደማ መጣ፣ እሱን በቦታው ተካሁት። የመጨረሻው መስመር ይኸውና፦

```c
uint16_t t = ((uint32_t)raw * 270 + 128) >> 8;
```

128ቱ የ256 ግማሽ ነው። መግፋት ቀሪውን ሁሉ ስለሚጥል 253.9 የነበረው 253 ይሆናል፤ ከመግፋቱ በፊት ግማሹን መጨመር ወደ ቅርቡ ቁጥር ያጠጋጋዋል።

አዲሱን ቺፕ ቢሾፍቱ ይዤ ሄጄ ራሴ ቀየርኩት። ንባቡ 314 ነበር፣ ስክሪኑ 33.1 አለ፣ አምፖሉም ጠፋ። የአክስቴ ልጅ ግን እስካሁን ግድግዳው ላይ የሜርኩሪ ቴርሞሜትር ሰቅላለች።