ዳሽቦርዱ "ታድሷል" ሲል ምን ማለቱ ነው?

አምስት ቅርንጫፎች ያሉትን አንድ የአዲስ አበባ ሱፐርማርኬት እናስብ። የቅርንጫፎቹ የዕለት ሽያጭ በየሌሊቱ ወደ ዋናው ዳታቤዝ ይገባል፤ አብዛኛውን ጊዜ ከንጋቱ 11 ሰዓት ላይ ያልቃል። ዳሽቦርዱ 11፡30 ላይ ይታደሳል፤ ሥራ አስኪያጁም 2 ሰዓት ላይ የትናንቱን ሽያጭ ያያሉ። በወር መጨረሻ ግን ሥራ ስለሚበዛ መረጃው እስከ 12፡15 ይዘገያል። ዳሽቦርዱ እንደ ልማዱ በሰዓቱ ታድሶ "ተሳክቷል" ይላል፤ የያዘው ግን ያልተሟላ ሽያጭ ነው። የስህተት መልእክትም አይመጣም።

ይህን ሥራ ከሚያከናውኑት ሦስት መንገዶች የመጀመሪያው ከዳሽቦርዱ አገልግሎት ጋር የሚመጣው ስኬጁለር ነው። ሰዓት መምረጥ ብቻ ይበቃል። በፓወር ቢአይ ፕሮ ፈቃድ ለምሳሌ አንድን የመረጃ ስብስብ በቀን እስከ 8 ጊዜ ማደስ ይቻላል። ይሁን እንጂ ስኬጁለሩ የሚያየው ሰዓቱን እንጂ የመረጃውን መድረስ አይደለም።

ሁለተኛው ፕሮግራመሮች ኮዳቸውን የሚፈትሹበት ሲአይ ፓይፕላይን ነው። በጊትሀብ አክሽንስ "መጀመሪያ ሽያጩን አስገባ፣ የአምስቱን ቅርንጫፎች መሟላት አረጋግጥ፣ ከዚያ ዳሽቦርዱን አድስ" ብሎ በቅደም ተከተል ማዘዝ ይቻላል። አንዱ ደረጃ ከወደቀ ቀጣዩ አይጀምርም።

```
on:
  schedule:
    - cron: '37 2 * * *'
```

ሰዓቱ በተለምዶ የሚነበበው በዩቲሲ ስለሆነ፣ ይህ በእኛ አቆጣጠር ከንጋቱ 11፡37 ነው። ደቂቃው ዜሮ ያልሆነው በምክንያት ነው፤ በየሰዓቱ መባቻ ወረፋ ስለሚበዛ ሥራው ሊዘገይ ይችላል። ደቂቃ የማያሳልፍ ሥራ ለዚህ መንገድ አይሰጥም።

ሦስተኛው ኤርፍሎው ነው። በ2014 እ.ኤ.አ. በኤርቢኤንቢ ኩባንያ ውስጥ ተጀምሮ ዛሬ በአፓቼ ፋውንዴሽን ሥር ይገኛል። የእያንዳንዱን ቅርንጫፍ መረጃ እየጠበቀ፣ የቀረውን ደጋግሞ እየሞከረ፣ አምስቱም ሲሟሉ ዳሽቦርዱን ያድሳል። ትልቁ ጥቅሙ ግን ወደ ኋላ ሲመለሱ ይታያል፦ የአንድ ቅርንጫፍ ዋጋ ለሁለት ሳምንት በስህተት ተመዝግቦ ከተገኘ፣ ሥራው በየቀኑ ተከፋፍሎ ከተጻፈ 14ቱንም ቀናት አንድ በአንድ እንደገና ያስኬዳል። በምላሹ የራሱን ዳታቤዝ፣ ስኬጁለርና የድር ገጽ የሚጠብቅለት ሰው ይፈልጋል።

ስለዚህ መረጃው ከአንድ ቦታ መጥቶ የማይዘገይ ከሆነ ስኬጁለሩ ይበቃል። ደረጃዎቹ ጥቂት ሆነው ቅደም ተከተል ካስፈለጋቸው ሲአይ ይመረጣል። ኤርፍሎው የሚያዋጣው ምንጮቹ ሲበዙና ያለፉ ቀናትን ደግሞ ማስኬድ የዘወትር ሥራ ሲሆን ነው። የትኛውንም ቢመርጡ፣ በዳሽቦርዱ ላይ የታደሰበትን ሰዓት ብቻ ሳይሆን የየቅርንጫፉን የመጨረሻ ሽያጭ ቀን ያሳዩ፤ የአምስቱን በአንድ ላይ ካሳዩ የዘገየው ቅርንጫፍ አይታወቅም።