ኮምፒውተር የሚሥለው መልክ ስለ ምን ይነጣል?

ጠይም ሰው ፎቶግራፉን ወደ ሥዕል ለሚለውጥ የኮምፒውተር ሞዴል ቢሰጥ፥ መልኩ ነጥቶና ጠፍጣፋ ሆኖ የሚመለስበት ጊዜ ብዙ ነው። ሞዴሉ በተማረባቸው ሥዕሎች ውስጥ የፈካ መልክ ከበዛ፥ ያልለመደውን ወደ ለመደው ይስበዋልና።

ለማረም ሁለቱም ምስሎች Lab ወደሚባለው የቀለም መስፈሪያ ይለወጣሉ፤ በዚያ L የብርሃንን መጠን ከ0 እስከ 100 ይለካል። ጉንጩ በፎቶግራፉ 38፥ በሥዕሉ 55 ነው እንበል። ከቆዳው ላይ ብቻ 17 ይቀነሳል፤ ከመላው ሥዕል ቢቀነስ ጥርስና የዓይን ነጭ ይጠቁራሉ።

ይህ ግን መንጣቱን እንጂ መጠፍጠፉን አያርምም። ግንባሩ በፎቶግራፉ ከጉንጩ በ12 በልጦ ሳለ በሥዕሉ በ3 ብቻ ቢበልጥ፥ ከቅነሳው በኋላም ልዩነቱ ያው 3 ነው። ስለዚህ በቆዳው ላይ የሥዕሉን L አደብዝዞ መቀነስና በምትኩ የፎቶግራፉን L አደብዝዞ መጨመር ይሻላል፤ የሠዓሊው መስመር ሳይጠፋ ጥላውና ወዙ ይመለሳሉ። ፎቶግራፉ ራሱ ብርሃን በዝቶበት የነጣ እንደ ሆነ ግን፥ አስቀድሞ እርሱን ማረም ወይም ሌላ ፎቶግራፍ መፈለግ ያስፈልጋል።