ውሃ ከአየር ወደ ማር ለምን ይገባል?

ክረምቱን ክዳኑ ሳይገጠም የከረመ የማር ዕቃ ሲታይ ላዩ ከሥሩ ይልቅ ቀጥኖ ይገኛል። ውሎ ሲያድር ትንንሽ አረፋ ያወጣል፤ ሽታውም ወደ ጠጅ ጠጅ ይላል። ማንም ውሃ አልጨመረበትም። ውሃው የመጣው ከአየሩ ነው።

ነገሩ የተለመደ ቢሆንም በቁጥር ሲመረመር ግራ ያጋባል። አንድ ሊትር ማር 1.4 ኪሎ ግራም ያህል ይመዝናል። ከዚህ ውስጥ 18 በመቶው ውሃ ቢሆን 250 ግራም ገደማ ውሃ አለው ማለት ነው። ሙቀቱ 18 ዲግሪ ሴልሺየስ፣ እርጥበቱ 80 በመቶ በሆነ የሐምሌ አየር ውስጥ ግን በአንድ ሊትር የሚገኘው ውሃ 0.012 ግራም ገደማ ብቻ ነው። ማሩ ከአየሩ 20 ሺህ ጊዜ ያህል የሚበልጥ ውሃ ይዟል። ውሃ ሁልጊዜ ከበዛበት ወደ አነሰበት የሚሄድ ቢሆን ኖሮ ከማሩ ወጥቶ ወደ አየሩ መሄድ ነበረበት። የሚሆነው ተቃራኒው ነው፤ ጥቂት ካለበት ተነሥቶ ብዙ ወዳለበት ይገባል።

ስለዚህ የውሃን ጉዞ የሚወስነው ብዛቱ አይደለም። ከሙቀት ጋር ብናስተያየው ነገሩ ግልጽ ይሆናል። በጣና ሐይቅ ውስጥ ያለው ጠቅላላ የሙቀት ኃይል ከአንድ የጋለ ሚስማር እጅግ ይበልጣል። ሚስማሩ ሐይቁ ውስጥ ሲጣል ግን ሙቀት የሚሄደው ከሚስማሩ ወደ ሐይቁ ነው፤ አቅጣጫውን የሚወስነው የሙቀቱ ብዛት ሳይሆን ዲግሪው ነውና። ለቁስ አካልም እንዲሁ የራሱ “ዲግሪ” አለው። ስሙ ኬሚካል ፖቴንሻል ይባላል።

ይህን ልኬት ለሳይንስ ያበረከተው በአሜሪካ የየል ዩኒቨርሲቲ መምህር የነበረው ጆሳያ ዊላርድ ጊብስ ነው። እ.ኤ.አ. ከ1876 እስከ 1878 በኮኔቲከት አካዳሚ መጽሔት ላይ በሁለት ክፍል ባሳተመው ረጅም ጥናት ውስጥ ያነሣው ጥያቄ ይህን ይመስላል፤ ሙቀቱና ግፊቱ ሳይለወጥ በአንድ ድብልቅ ላይ ከአንዱ ንጥረ ነገር ጥቂት ቢጨመር የድብልቁ ነፃ ኢነርጂ በስንት ይቀየራል? ነፃ ኢነርጂ ማለት ከጠቅላላው ኃይል ውስጥ ለሥራ ሊውል የሚችለው ክፍል ነው። በተጨመረው መጠን ልክ የሚመጣው ለውጥ የዚያ ንጥረ ነገር ኬሚካል ፖቴንሻል ነው። አንድ ድብልቅ አንድ ኬሚካል ፖቴንሻል ብቻ የለውም፤ በማር ውስጥ ውሃው የራሱ፣ ግሉኮሱ የራሱ፣ ፍሩክቶሱም የራሱ አለው።

እንግዲህ ቁጥሩን በማሩ ላይ እንሞክረው። ለማነጻጸር እንዲመች የንጹሕ ውሃ ኬሚካል ፖቴንሻል ዜሮ ይሁን። እርጥበቱ 100 በመቶ የሆነ አየር ከንጹሕ ውሃ ጋር እኩል ነው፤ አይሰጠውም፣ አይቀበለውም። እርጥበቱ ሲቀንስ በአየሩ ውስጥ ያለው የውሃ ኬሚካል ፖቴንሻልም ከዜሮ በታች ይወርዳል። በ18 ዲግሪ ሙቀት 80 በመቶ እርጥበት ያለው አየር ከዜሮ 540 ጁል ዝቅ ይላል። ይህ የአንድ ሞል ውሃ፣ ማለትም የ18 ግራም ሒሳብ ነው።

የማሩስ እንዴት ይታወቃል? ጥቂት ማር ትንሽ አየር ባለበት ጠባብ ዕቃ ውስጥ በጥብቅ ይዘጋና የአየሩ እርጥበት መለወጡን እስኪያቆም ይጠበቃል። ለውጡ ሲቆም ማሩና አየሩ እኩል ኬሚካል ፖቴንሻል ላይ ደርሰዋል ማለት ነው፤ ስለዚህ የአየሩን ለክቶ የማሩን ማወቅ ይቻላል። በደንብ የበሰለ ማር ብዙውን ጊዜ በ60 በመቶ አካባቢ ይረጋል። ይህም ከዜሮ 1,240 ጁል ገደማ ዝቅ ያለ ነው።

አሁን ሁለቱ ጎን ለጎን ሲቀመጡ ምሥጢሩ ይገለጣል። የሐምሌው አየር 540 ዝቅ ብሏል፤ ማሩ 1,240 ዝቅ ብሏል። በብዛት ማሩ ቢበልጥም በኬሚካል ፖቴንሻል ግን አየሩ በ700 ጁል ከፍ ብሎ ይገኛል። ውሃው ከከፍተኛው ወደ ዝቅተኛው ሄደ። በበጋ የአየሩ እርጥበት 40 በመቶ ቢሆን የአየሩ ቁጥር ከዜሮ በታች 2,200 ጁል ገደማ ይደርሳል፤ ያን ጊዜ ዝቅተኛው አየሩ ስለሚሆን ያው ማር፣ በያው ዕቃ፣ ውሃውን ለአየሩ ይለቃል።

የማሩ ቁጥር ይህን ያህል የወረደበት ምክንያት ስኳሩ ነው። በማር ውስጥ ሞለኪውሎቹ ቢቆጠሩ ከሦስቱ አንዱ ገደማ የስኳር ነው፤ ውሃው በዚህ ምክንያት ብቻ ከንጹሕ ውሃ ወደ 69 በመቶ ዝቅ ይል ነበር። እስከ 60 የሚያወርደው ተጨማሪ ምክንያት ደግሞ ግሉኮስና ፍሩክቶስ የውሃን ሞለኪውሎች አጥብቀው የሚይዙ መሆናቸው ነው። ውሃው በማሩ ውስጥ ሞልቶ ሳለ ለመውጣት ነፃ ያልሆነው ለዚህ ነው።

ቁስ አካል ለምን ወደ ዝቅተኛው ይሄዳል የሚለው ግን ገና አልተመለሰም። አንድ የውሃ ሞለኪውል ከፍና ዝቅን አያውቅም፤ የሚስበው እጅም የለም። በማሩ ገጽ ላይ የሚሆነው ያለማቋረጥ መግባትና መውጣት ነው። ከአየሩ ተነሥተው ማሩን የሚመቱና የሚቀሩ ሞለኪውሎች አሉ፤ ከማሩ አምልጠው ወደ አየር የሚወጡም አሉ። እርጥበቱ 80 በመቶ ሲሆን 80 በሚገቡበት ጊዜ ከማሩ የሚወጡት 60 ናቸው። ሃያው ትርፍ እኛ “ማሩ ውሃ ሳበ” የምንለው ነው። በየቅጽበቱ ብዙ ሞለኪውሎች በተቃራኒው አቅጣጫ ይጓዛሉ፤ ሕጉ የሚናገረው ስለ ልዩነታቸው ነው። ሁለቱ ሲተካከሉም እንቅስቃሴው አይቆምም፤ ልዩነቱ ብቻ ይጠፋል።

ሌላው የሚነሣ ጥያቄ የበለጠ ጥልቅ ነው። ተፈጥሮ ወደ መበታተን፣ በሳይንሱ አነጋገር ወደ ከፍተኛ ኢንትሮፒ ትሄዳለች ይባላል። በአየር ላይ በነፃነት ይበር የነበረ ሞለኪውል በማር ውስጥ መታሰሩ ታዲያ ይህን አይቃረንም? አይቃረንም፤ ምክንያቱም ሒሳቡ ውሃውን ብቻ ሳይሆን አካባቢውንም ይጨምራል። አንድ ሞል ተን ወደ ማሩ ሲገባ በግምት 44,000 ጁል ሙቀት ይለቃል። ሙቀቱ ወደ ዙሪያው ሲሰራጭ የአካባቢውን ኢንትሮፒ በ151 ያህል ይጨምራል፤ ውሃው ራሱ ደግሞ ከ149 በጥቂቱ ያነሰ ያጣል። የሁለቱ ልዩነት 2.4 ገደማ ነው። ይህ ቁጥር ከየት መጣ ቢባል 700 ጁሉ ለሙቀቱ፣ ማለትም ለ291 ኬልቪን ሲካፈል የሚገኘው ነው። የጊብስ ሥራ ትልቅነት እዚህ ላይ ይታያል፤ ዙሪያውን ሁሉ መለካት ሳያስፈልግ የሁለቱን ኬሚካል ፖቴንሻል ብቻ በማነጻጸር የጠቅላላው ኢንትሮፒ ወዴት እንደሚያድግ ማወቅ ይቻላል።

ይህን ልዩነት ሲጠቀሙበት የኖሩት ግን ንቦች ናቸው። የአበባ ወለላ ብዙ ጊዜ ከግማሽ በላይ ውሃ ነው። ንቦቹ በትንንሹ እያሰራጩ በሴሎቹ ውስጥ ያኖሩታል፤ ቀፎውንም 35 ዲግሪ አካባቢ አሙቀው በክንፋቸው ያራግባሉ። ከውጭ የገባ አየር ሲሞቅ አንጻራዊ እርጥበቱ ይወርዳል፤ በውስጡ ያለው የውሃ ኬሚካል ፖቴንሻልም ከወለላው በታች ይሆናል። ውሃው ወደዚያ አየር ይተናል፤ እርጥቡ አየር ተራግቦ ይወጣል፤ አዲስ ይተካል። ውሃው ከ20 በመቶ በታች ሲወርድ ሴሉን በሰም ይከድኑታል። ሰሙ የኬሚካል ፖቴንሻሉን ልዩነት አያጠፋውም፤ መንገዱን ግን ይዘጋዋል። ኬሚካል ፖቴንሻል የሚናገረው ስለ አቅጣጫ እንጂ ስለ ፍጥነት አይደለም።

ክፍት የቀረ ማር ከላይ ጀምሮ የሚበላሸውም በዚሁ ፍጥነት ምክንያት ነው። ውሃው ወደ ላይኛው ንብርብር ቶሎ ይገባል፤ በወፍራሙ ማር ውስጥ ወደ ታች የሚሰርገው ግን በጣም በዝግታ ነው። ስለዚህ የዕቃው አማካይ እርጥበት ገና 18 በመቶ ሳለ ላዩ ከ20 በላይ ሊደርስ ይችላል። ጠንካራ በሆነ ማር ውስጥ የእርሾ ሴል ውሃው ከሰውነቱ ወደ ማሩ እየወጣበት መሥራት አይችልም፤ ስኳር የሚቋቋሙ የእርሾ ዓይነቶች ግን ሳይሞቱ ይጠብቃሉ። ላዩ ሲቀጥን ሥራቸውን ይጀምራሉ። አረፋውና የጠጅ ሽታው የዚህ ምልክት ነው። ማር ሲረጋም ተመሳሳይ አደጋ አለ፤ ግሉኮሱ ወደ ጠጣርነት ሲለወጥ የቀረው ፈሳሽ ስኳሩ ስለሚቀንስ የውሃው ኬሚካል ፖቴንሻል ከፍ ይላል።

ጠጅ ጣይ ሆን ብላ የምታደርገው ይህንኑ ነው። አንድ ኪሎ ማር በአራት ኪሎ ውሃ ሲበጠበጥ የውሃው ኬሚካል ፖቴንሻል ከዜሮ በታች ከ1,240 ጁል ወደ 50 ገደማ ይመለሳል። በማሩ ውስጥ ተጨናንቆ የነበረው እርሾ ከንጹሕ ውሃ ብዙም ያልራቀ ቦታ ያገኛል፤ ጌሾውም ተጨምሮበት ጠጁ ይፈላል።

ማር ለሚያመርትም ለሚያስቀምጥም ሰው የሚጠቅመው እንግዲህ ይህ ነው። ሰፈፉ ሲቆረጥ በሰም የተከደነው ካልተከደነው ይለይ፤ የሚቻል ከሆነ እርጥበቱ በሪፍራክቶሜትር ይለካ። ኮዴክስ የተባለው ዓለም አቀፍ የምግብ ደረጃ ለአብዛኛው ማር የሚፈቅደው የውሃ መጠን ከ20 በመቶ እንዳይበልጥ ነው። የማሩ ዕቃ አየር የማያስገባ ክዳን ይኑረው፤ በክረምት ከተከፈተም ወዲያው ይገጠም። ላዩ የቀጠነ ግን ገና ያልፈላ ማር ከሥሩ ጋር ቢማሰል ውሃው በጠቅላላው ስለሚከፋፈል ላዩ ወደ ደህናው መጠን ሊመለስ ይችላል፤ አረፋ ያወጣውን ግን ለጠጅ ማዋል ይሻላል።