ብድሩ የሚቆረጠው ከየትኛው ደመወዝ ነው?

ነሐሴ ሲጋመስ የየድርጅቱ ሒሳብ ክፍል በር ላይ ሰው ይበዛል። የትምህርት ቤት ምዝገባው፣ ደብተሩ፣ የደንብ ልብሱ አለ፤ ዓውደ ዓመቱም ደርሷል። ጳጉሜ ደግሞ ለብቻዋ ደመወዝ የላትም። በኢትዮጵያ አቆጣጠር በሚከፍል መሥሪያ ቤት የነሐሴ ደመወዝ እስከ መስከረም መጨረሻ ሠላሳ አምስት ቀን መቆየት አለበት። በዚህ ሰሞን “አድቫንስ ይሰጠኝ” የሚለውና “ብድር ይፈቀድልኝ” የሚለው ማመልከቻ ጎን ለጎን ይገባሉ። ሠራተኛው ሁለቱንም “ከደመወዜ ላይ የሚቆረጥ” ብሎ ያልፋቸዋል። ኪስ ላይ የሚያደርሱት ጉዳት ግን የተለያየ ነው፤ ትንሽ የሚመስለው አድቫንስ ብዙ ጊዜ ከትልቁ ብድር ይብሳል።

አድቫንስ ማለት የራስን ደመወዝ ቀድሞ መውሰድ ነው። በወሩ አጋማሽ የተወሰደው በወሩ መጨረሻ ባንድ ጊዜ ይቀነሳል፣ ሒሳቡም ይዘጋል። ወለድ የለውም፣ ዋስም ብዙ ጊዜ አይጠየቅበትም፤ ያለቃ ፊርማ ከተገኘ ይበቃል። ብድር ግን ከአንድ ወር ደመወዝ ሊበልጥ የሚችል፣ ለወራት ተከፋፍሎ የሚመለስ ዕዳ ነው። ውል አለው፣ የመመለሻ ጊዜ አለው፣ ባብዛኛው ቦታ አንድ ወይም ሁለት የሥራ ባልደረባ ዋስ ይፈርምበታል። አድቫንስ ተብሎ ተወስዶ ለሦስት ወር ተከፋፍሎ የሚመለስ ገንዘብ ካለ እሱም ስሙ ነው እንጂ ብድር ነው፤ በጽሑፍ መስፈር አለበት።

አሠሪው ያበደረውን እንዳሻው ቆርጦ መውሰድ ይችላል ብለው የሚያምኑ አሉ፣ ሠራተኞችም አለቆችም። አይችልም። በአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 አንቀጽ 59 መሠረት ከደመወዝ ላይ መቀነስ የሚቻለው በሕግ፣ በኅብረት ስምምነት፣ በሥራ ደንብ ወይም በፍርድ ቤት ትእዛዝ ሲወሰን፣ ካልሆነም ሠራተኛው በጽሑፍ ሲስማማ ነው። የቃል “እሺ” አይቆጠርም። ይኸው አንቀጽ አንድ ገደብ አብሮ ያስቀምጣል፦ ባንድ ጊዜ የሚቀነሰው ገንዘብ ከወር ደመወዙ አንድ ሦስተኛ ሊበልጥ አይችልም።

ገደቡ ሲነበብ ቀላል ነው፤ ፔሮል ላይ ሲደርስ ግን ይወሳሰባል። በቁጥር እንየው። የወር ደመወዟ 15,000 ብር የሆነ አንዲት የልብስ ፋብሪካ ተቆጣጣሪ አለች እንበል። ከሐምሌ 2017 ጀምሮ በተሻሻለው የገቢ ግብር ስሌት፣ ከ14,000 ብር በላይ ያለ ደመወዝ በ35 በመቶ ተባዝቶ 2,050 ብር ይቀነስለታል። ስለዚህ ግብሯ 5,250 ሲቀነስ 2,050፣ ማለትም 3,200 ብር ነው። የጡረታ መዋጮዋ 7 በመቶ ስለሆነ 1,050 ብር ይሄዳል። በእጇ የሚገባው የተጣራ ደመወዝ 10,750 ብር ይሆናል።

ይቺ ሴት ለቤት ኪራይ ቅድሚያ ክፍያ 24,000 ብር ያለ ወለድ ተበደረች፤ በዓመት ልትመልስ። በየወሩ 2,000 ብር ይቆረጣል፣ 8,750 ብር ይዛ ትወጣለች። እስከዚህ ድረስ ጤነኛ ነው። ከጥቂት ወራት በኋላ የልጇ ምዝገባ ደረሰና 4,000 ብር አድቫንስ ጠየቀች፤ ተፈቀደላት። ወሩ ሲያልቅ ፔሮሉ ብድሩንም አድቫንሱንም አንድ ላይ ይቀንሳል፦ 6,000 ብር። የደመወዟ አንድ ሦስተኛ 5,000 ብር ነውና ገደቡ ታልፏል። ከሕጉ ይልቅ የሚያሳስበው ግን ሌላ ነው። በእጇ የደረሰው 4,750 ብር ብቻ ነው፤ በዚህ አንድ ወር መኖር ስለማይቻል በሚቀጥለው ወር አጋማሽ ላይ እንደገና አድቫንስ ትጠይቃለች። ያኛውም ወር መጨረሻ ጎድሎ ይመጣል። ያልተሠራ ወር ደመወዝ እየበሉ መኖር የሚጀመረው እንዲህ ነው፤ ሰዉ “ደመወዜ አልበቃ አለኝ” ቢልም የጎደለው የመጀመሪያው ወር 4,000 ብር ነው፣ ከወር ወደ ወር እየተላለፈ።

መፍትሔው አድቫንሱን መከልከል አይደለም፣ መከፋፈል ነው። ያው 4,000 ብር በሁለት ወር ቢመለስ ተቀናሹ 4,000 ሆኖ 6,750 ብር በእጅ ይቀራል። ከሕጉ ገደብም በታች ነው። በሦስት ወር ቢሆን ደግሞ 7,400 ብር አካባቢ ይተርፋታል። ሒሳብ ክፍል አንድ መስመር ይጨምራል እንጂ ሌላ ሥራ አይኖርበትም፤ የሚጠይቅ ሰው ብቻ ነው የሚጠፋው።

አንድ ሦስተኛው ከየትኛው ደመወዝ ነው የሚለው ጥያቄ እዚህ ላይ ይመጣል። ከጥቅሉ 15,000 ከታሰበ 5,000 ብር ነው፤ ከተጣራው 10,750 ከታሰበ ግን ወደ 3,580 ብር ይወርዳል። አንዳንዱ ሒሳብ ክፍል በመጀመሪያው ይሠራል፣ አንዳንዱ በሁለተኛው። እኔ ብጠየቅ በተጣራው የሚያሰላውን እመርጣለሁ፤ ግብርና ጡረታ የሄደበትን ገንዘብ ማንም ሠራተኛ አያገኘውምና። የትኛውም ይሁን፣ ብድሩን ከመፈረም በፊት “በምን አስልታችሁ ነው?” ብሎ መጠየቅ ያስፈልጋል።

ሌሎች ተቀናሾችም አብረው መቆጠር አለባቸው። ብዙ ሰው የአሠሪውን ብድር ብቻ ያስባል። ከዚያው ደመወዝ ላይ የሠራተኞች ቁጠባና ብድር ማኅበሩ ይወስዳል፣ የሠራተኛ ማኅበሩ መዋጮ አለ፣ ዩኒቨርሲቲ የጨረሰ ወጪ መጋራት ይከፍላል፣ የፍርድ ቤት ቀለብ የተወሰነበትም አለ። እያንዳንዱ ለብቻው ሲታይ ትንሽ ነው። የብድር ኮሚቴ ማመልከቻውን ሲያይ ያለፈውን ወር የደመወዝ ስሊፕ አብሮ ካላየ፣ ሁሉም ባለዕዳ ያቺኑ አንድ ሦስተኛ ለየራሱ የተሰጠች አድርጎ ይቆጥራታል።

በፔሮል አሠራር ላይ በተደጋጋሚ የሚፈጠር ስሕተት አለ፤ ሠራተኛውን ለጊዜው ስለሚያስደስተው ማንም አይናገረውም። አድቫንሱ ወይም ብድሩ ግብር ከመታሰቡ በፊት ይቀነሳል። በምሳሌያችን ሒሳብ ያዡ 4,000 ብሩን መጀመሪያ ቀንሶ በቀረው 11,000 ላይ ግብር ቢያሰላ፣ ግብሩ 3,200 መሆኑ ቀርቶ 1,950 ብር ይወጣል። ሴትዮዋ 1,250 ብር የተረፈላት ይመስላታል። ግን አድቫንስ የራሷ ደመወዝ ነው፣ ብድር መክፈልም የግል ወጪ ነው፤ ሁለቱም ግብር የሚታሰብበትን ገቢ አይቀንሱም። የገቢዎች ኦዲተር ሲመጣ ልዩነቱ ከነቅጣቱና ከነወለዱ ድርጅቱ ላይ ይወድቃል፣ ድርጅቱም ወደ ሠራተኛው ይዞራል። ስሊፕ ላይ ቅደም ተከተሉ ጥቅል ደመወዝ፣ ግብር፣ ጡረታ፣ ከዚያ በኋላ ብድርና አድቫንስ ሆኖ መታየት አለበት። የግብሩ ቁጥር ብድር በሌለበት ወር ከነበረው ከተለየ፣ ደመወዝም ካልተቀየረ፣ አንድ ነገር ተበላሽቷል።

ሌላው ስሕተት ከስንፍና የሚመጣ ነው። በብዙ ቦታ የወሩ ፔሮል የሚዘጋጀው ያለፈው ወር የኤክሴል ሺት ተገልብጦ፣ የወሩ ስም ብቻ ተቀይሮ ነው። የብድር ዓምዱ ላይ 2,000 የሚለው ቁጥር እንዳለ ይሄዳል። አሥራ ሁለተኛው ክፍያ ካለቀ በኋላ አስታውሶ የሚያጠፋው ከሌለ አሥራ ሦስተኛው ይቆረጣል፣ አሥራ አራተኛውም። ስሊፑ ላይ “ቀሪ ዕዳ” የሚል ዓምድ ያለበት ድርጅት ይህ አይደርስበትም፤ ቀሪው ዜሮ ሆኖ ተቀናሽ ከታየ ሠራተኛው ራሱ ያያል። ዓምዱ ከሌለ የብድር ውሉን ቅጂ ይዞ በየወሩ ማስላት የተበዳሪው ፋንታ ነው። አዋጁ አሠሪው የጥቅል ደመወዙን፣ የተቀናሹን ዓይነትና መጠን፣ የተጣራውንም የሚያሳይ የክፍያ መዝገብ እንዲይዝ ያስገድደዋል፤ ስለዚህ ሠራተኛው ማሳየት ሲጠይቅ ውለታ እየለመነ አይደለም።

ዋስ የሆነ ሰው የሚፈርመውን ብዙ ጊዜ አያነበውም። “ወንድሜ ስም ብቻ ነው፣ እኔው እከፍላለሁ” ይባላል፣ ይፈረማል። ተበዳሪው ድንገት ሥራ ለቆ ሲጠፋ ግን ቀሪው ዕዳ የሚዞረው ዋሱ ደመወዝ ላይ ነው፣ የፈረመው ወረቀት ያን የሚፈቅድ ከሆነ። ዋሱም ሠራተኛ ነውና የአንድ ሦስተኛው ገደብ ለእሱም ይሠራል፤ የራሱ ብድር ካለበት ከዚያ ጋር ተደምሮ። ፊርማው የሚያሳፍር ቢሆን እንኳ ስንት ብር እንደቀረ በየጊዜው የመጠየቅ መብት እንዲኖረው በውሉ ላይ ማስጻፍ ከወዳጅነት አያጎድልም።

ብድር ሳያልቅ ሥራ መልቀቅ ከሁሉ የከፋው ጊዜ ነው። ተቆጣጣሪያችን በአምስተኛው ወር ክፍያ ላይ ብትለቅ 14,000 ብር ዕዳ ይቀራታል። አብዛኛው የብድር ውል “ሥራ ሲቋረጥ ቀሪው ባንድ ጊዜ ይከፈላል” የሚል አንቀጽ አለው። የመጨረሻ ሒሳቧ የሠራችባቸውን ቀናት ደመወዝና ያልወሰደችውን የዓመት ፈቃድ ክፍያ ይይዛል፤ ይህ 14,000 ላይሞላ ይችላል። በአዋጁ መሠረት አሠሪው ክፍያዋን ውሏ ከተቋረጠበት ቀን አንስቶ በሰባት የሥራ ቀናት ውስጥ መፈጸም አለበት፤ ሠራተኛው ከድርጅቱ የተረከበውን ንብረት ወይም ያለበትን ገንዘብ በራሱ ጥፋት ሳይመልስ ሲያዘገይ ግን ጊዜው ሊራዘም ይችላል። ክሊራንስ ላይ የሚቆመው ነገር ሁሉ የሚመጣው ከዚህ ነው። የሥራ ልምድ ማስረጃ ግን ሌላ ነገር ነው። ሕጉ አሠሪው እንዲሰጥ ያዝዘዋል እንጂ የዕዳ መያዣ አድርጎ እንዲይዘው አይልም። ዕዳውን ለመመለስ አዲስ የክፍያ መርሐ ግብር በጽሑፍ ተስማምቶ ማስረጃውን መውሰድ ለሁለቱም ይሻላል፤ ማስረጃ የተከለከለ ሰው ሥራ አያገኝም፣ ሥራ ያላገኘ ደግሞ አይከፍልም።

አላግባብ የተቆረጠበት ሰው በመጀመሪያ ለሰው ኃይል ክፍሉ በጽሑፍ ያቅርብና የደረሰኙን ቅጂ ያስቀር። መልስ ካጣ ወደ ሠራተኛ ማኅበሩ፣ የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይን ወደሚከታተለው የመንግሥት መሥሪያ ቤት፣ ካልሆነም ወደ ፍርድ ቤት መሄድ ይችላል። ግን አያዘግይ። የደመወዝና መሰል ክፍያዎች ጥያቄ ክፍያው መፈጸም ከነበረበት ቀን ጀምሮ ስድስት ወር ካለፈው በይርጋ ይቀራል፤ ከሰባት ወር በፊት ያለ አግባብ የተቆረጠን ገንዘብ ዛሬ ፔሮሉ ላይ ያገኘ ሰው ከሕግ ይልቅ በአሠሪው ፈቃድ ላይ ተንጠልጥሏል።