ቀላል አማርኛ ማለት አጭር መመሪያ ማለት አይደለም

ብዙ የምግብ ቤት ባለቤቶች የወጥ ቤት ንጽህና መመሪያን ብዙም ላልተማረ አዲስ ሠራተኛ ሲያዘጋጁ፣ ቁጥሩንና ምክንያቱን አውጥተው «ቶሎ ይቀዝቅዝ» የሚል ትእዛዝ ብቻ ቢያስቀሩ ያቀለሉት ይመስላቸዋል። እውነታው ሌላ ነው። ሠራተኛውን የሚያስቸግረው ቁጥሩ ሳይሆን በምን ዕቃ፣ እንዴትና እስከ ስንት ሰዓት እንደሚሠራ አለመነገሩ ነው። በደንብ የቀለለ መመሪያ ብዙ ጊዜ ከዋናው ይረዝማል።

የተረፈ ወጥ ማቀዝቀዝን እንይ። የአሜሪካው የምግብ ደንብ የበሰለ ምግብ በመጀመሪያዎቹ ሁለት ሰዓታት ከ57 ወደ 21 ዲግሪ ሴንቲግሬድ፣ በድምሩ በስድስት ሰዓት ውስጥ ደግሞ ወደ 5 ዲግሪ እንዲወርድ ያዛል። ይህን እንዳለ ወደ አማርኛ መመለስ ይቻላል፤ ድስቱን ምን እንደሚያደርጉት ግን አይናገርም። እንዲህ ቢባልስ፦ «ወጡን በትልቁ ድስት አትተዉት። ዝርግ ትሪ ላይ ገልብጡት፤ ጥልቀቱ ከሦስት ጣት አይብለጥ። ትሪውን በረዶ የተጨመረበት ውሃ ላይ አስቀምጡና እያማሰላችሁ አቀዝቅዙት። ከእሳት የወረደበትን ሰዓት ፕላስተር ላይ ጽፋችሁ ለጥፉበት። በ8 ሰዓት ከወረደ፣ 10 ሰዓት ላይ ቴርሞሜትሩን መሃሉ ላይ ክተቱ። ከ21 በላይ ካሳየ ወዲያው ለኃላፊው ንገሩ፤ ካላሳየ ፍሪጅ አስገቡት። ማታ 2 ሰዓት ላይ 5 ወይም ከዚያ በታች መሆን አለበት።» ቆጠራው 57 ዲግሪ ከደረሰበት ሳይሆን ከእሳት ከወረደበት መጀመሩ ደንቡን ትንሽ ያጠብቀዋል እንጂ አያላላውም፤ ሠራተኛውንም ከአንድ ልኬት ይገላግለዋል።

ቁጥር ይከብዳቸዋል የሚሉ አሉ። ገንዘብ የሚቆጥርና ስልክ የሚደውል ሰው ግን ቴርሞሜትሩ ያሳየውን ግድግዳው ላይ ከተጻፈው 21 ጋር ማስተያየት አያቅተውም። ሥዕል ይበቃል የሚሉም አሉ፤ ሥዕል ትሪውንና ሦስቱን ጣት ጥሩ አድርጎ ያሳያል፣ ሰዓት ማለፉን ግን ለማሳየት ይቸገራል። ከሁሉ የሚጠነክረው ተቃውሞ «ጠዋት ይንተከተክ የለም ወይ?» የሚለው ነው። ሠራተኛው ከቤቱ ይዞት የመጣው ልማድም ስለሆነ ምክንያቱን መንገር የግድ ነው። አንዳንድ ባክቴሪያዎች መፍላትን የሚቋቋም ዘር መሰል ነገር ያበጃሉ፤ ወጡ ለብ ብሎ ሲያድር ይህ ይነቃና ይራባል። ሌሎች ደግሞ የሚያመነጩት መርዝ ባክቴሪያው ራሱ በሙቀት ከሞተ በኋላም ይቀራል። በመመሪያው ላይ «ክፉው ነገር ሌሊቱን ይራባል፤ አንዳንዱ መርዝ በማፍላት አይጠፋም» ብሎ መጻፍ ይበቃል። ወጡ መሽተቱ ወይም መኮምጠጡ አይጠበቅም፤ እነዚህ ባክቴሪያዎች ጣዕሙን ሳይለውጡም ሊያሳምሙ ይችላሉ።

መመሪያው መቅለሉን ደግሞ «ገባችሁ?» ብሎ በመጠየቅ ማወቅ አይቻልም፤ አዲስ ሠራተኛ አለቃው ፊት «አዎ» ማለቱ አይቀርም። አንዴ አንብቡላቸውና አንድ ድስት ወጥ ሰጥታችሁ ሲሠሩት ተመልከቱ። እጃቸው የቆመበትን ዓረፍተ ነገር እንደገና ጻፉት።