የማህበሩ መኪናና የእርጅና ቅናሽ

አዲስ ማረሻ ከገበያ ሲገዛ ወፍራምና ረጅም ነው። አፈር ሲፍቀው፣ ድንጋይ ሲመታው፣ እየሳሳና እያጠረ ይሄዳል። ከጊዜ በኋላ ብረቱ አልቆ ሌላ መግዛት ግድ ይሆናል። ማረሻው በሚያልቅበት ጊዜ ከኪሳችን አንድ ሳንቲም አልወጣም። ገንዘቡ የወጣው ማረሻው በተገዛበት ቀን ነው። ቢሆንም በየዓመቱ ላገኘነው እህል ከማረሻው ጥቂት ጥቂት ብረት ከፍለናል። ይህ በእቃ ላይ የሚደርስ ማለቅና ማርጀት በሂሳብ መዝገብ ሲጻፍ የእርጅና ቅናሽ ይባላል።

ነገሩን በአንድ የጭነት መኪና እንመልከት። አንድ የገበሬዎች ህብረት ሥራ ማህበር እህል ወደ ከተማ፣ ማዳበሪያ ደግሞ ወደ ቀበሌ የሚያመላልስ መኪና በ2,400,000 ብር ገዛ እንበል። ገንዘቡን በአንድ ጊዜ ከፈለ። ታዲያ ይህን ሁሉ ብር የመጀመሪያው ዓመት ወጪ ነው ብለን እንጻፈው? እንዲህ ብንጽፍ የመጀመሪያው ዓመት ትልቅ ኪሳራ ይመስላል። የሚቀጥሉት ዓመታት ደግሞ መኪናው በነፃ የሠራ ያስመስላሉ። ሁለቱም እውነት አይደሉም። ማህበሩ በግዢው ቀን አልደኸየም፤ ብሩን በመኪና ለወጠ እንጂ። መኪናው የሚያልቀው በሚሠራባቸው ዓመታት ሁሉ ነው። ስለዚህ ወጪው ለነዚያ ዓመታት ይከፋፈላል።

አከፋፈሉ እንዲህ ነው። በመጀመሪያ መኪናው ስንት ዓመት ሊሠራ እንደሚችል ይገመታል። የመንገዱ ኮረኮንች፣ የጭነቱ ክብደት፣ የሾፌሩ አያያዝ ሁሉ ይታያል። የኛን መኪና 8 ዓመት እንበለው። ቀጥሎም ካረጀ በኋላ ቢሸጥ ስንት ያወጣል ተብሎ ይገመታል። 400,000 ብር እንበል። ከ2,400,000 ላይ 400,000 ሲቀነስ 2,000,000 ብር ይቀራል። በ8 ዓመት የሚያልቀው ይህ ነው። ለ8 ሲካፈል በየዓመቱ 250,000 ብር ይደርሳል። የዓመቱ የእርጅና ቅናሽ ይህ ነው።

አሁን የአንዱን ዓመት ሂሳብ እንሥራ። መኪናው በጭነት ኪራይ 900,000 ብር አስገባ። ለናፍጣ 300,000 ብር፣ ለሾፌርና ለረዳት ደመወዝ 150,000 ብር፣ ለጎማ፣ ለባሌስትራና ለሌላ ጥገና 100,000 ብር ወጣ። በጥሬ ገንዘብ የወጣው በጠቅላላው 550,000 ብር ነው። ከ900,000 ላይ ሲቀነስ 350,000 ብር በሳጥን ውስጥ ይቀራል። ሂሳብ ሹሙ ግን በዚህ አያቆምም። የእርጅናውን 250,000 ብርም ይቀንሳል። ከዚያም «የዓመቱ ትርፍ 100,000 ብር ነው» ብሎ ለጉባኤው ያነባል።

ብዙ ጊዜ ጭቅጭቅ የሚነሳው እዚህ ላይ ነው። አንዱ አባል ተነስቶ «በሳጥን ውስጥ 350,000 አለ ተብለን ነበር፤ ትርፉ እንዴት 100,000 ብቻ ይሆናል? 250,000 ብር የት ገባ?» ይላል። ጥያቄው ተገቢ ነው። መልሱ «የትም አልገባም፤ እዚያው ሳጥን ውስጥ አለ» የሚል ነው። የእርጅና ቅናሽ ትርፍን ይቀንሳል፤ ጥሬ ገንዘብን ግን አይነካም። ጎማ ሲገዛ ለባለ ሱቁ ብር ይቆጠርለታል፤ ደረሰኝም ይመጣል። ለእርጅና ግን ብር የሚቆጠርለት ሰው የለም። የተጻፈው በመዝገብ ላይ ብቻ ነው። በዚያው መዝገብ ላይ የመኪናው ዋጋም ከ2,400,000 ወደ 2,150,000 ብር ዝቅ ይላል። በሚቀጥለው ዓመት 1,900,000 ይሆናል።

ዝናብ የጠፋበትን ዓመት ደግሞ እንይ። እህል አነሰ፤ ጭነትም ቀነሰ። የኪራዩ ገቢ 700,000 ብር ብቻ ሆነ። የጥሬ ገንዘብ ወጪው እንደ በፊቱ 550,000 ነው። በሳጥን ውስጥ 150,000 ብር ተጨመረ። 250,000 የእርጅና ቅናሽ ሲታሰብ ግን ማህበሩ 100,000 ብር ከስሯል። ብር እያለ ኪሳራ! ነገሩ ግራ ቢመስልም ሂሳቡ ልክ ነው። መኪናው ካስገኘው ይልቅ ከራሱ ያለቀው በልጧል።

እንግዲህ አባላት ሳጥኑን ብቻ አይተው በየዓመቱ 350,000 ብሩን ሁሉ ቢካፈሉ ምን ይመጣል? በ8 ዓመት 2,800,000 ብር ይካፈላሉ። ከዚህ ውስጥ እውነተኛው ትርፍ 800,000 ብር ነው። የቀረው 2,000,000 የመኪናው የራሱ ዋጋ ነበር። መኪናውን ቀስ በቀስ በሉት ማለት ነው። ሞተሩ ደክሞ በቆመ ቀን በእጃቸው ያለው 400,000 ብር የሚያወጣ አሮጌ መኪና ብቻ ይሆናል።

ሆኖም አንድ ነገር መለየት አለበት። በመዝገብ ላይ «የእርጅና ቅናሽ» ተብሎ ስለተጻፈ ብቻ ገንዘብ ተጠራቀመ ማለት አይደለም። ጽሑፉ አባላት ያንን ብር እንደ ትርፍ እንዳይካፈሉት ይከለክላል እንጂ ብሩን አይጠብቀውም። መጋዘን ቢሠራበት ወይም ማዳበሪያ ቢገዛበት ሳጥኑ ባዶ ይሆናል። አዲስ መኪና ለመግዛት የሚታሰበው ብር በባንክ ለብቻው መቀመጥ አለበት። የመኪና ዋጋ ከጨመረም ይኸው ቁጠባ ስለማይበቃ ከትርፉ ላይ መጨመር ያስፈልጋል።

አባል የሆነ ሁሉ ይህን ሂሳብ ራሱ ሊመረምር ይችላል። ትርፉንና የእርጅናውን ቅናሽ መደመር ነው። 100,000 እና 250,000 ሲደመር 350,000 ይሆናል። በዱቤ የተሰጠ ወይም ያልተከፈለ ዕዳ ከሌለ፣ ሌላ እቃም ካልተገዛ፣ በዓመቱ ውስጥ በሳጥንና በባንክ የተጨመረው ገንዘብ ይህንኑ ያህል መሆን አለበት። ካነሰ ገንዘብ ያዡ ይጠየቅ። «ለእርጅና ተከፍሎ ነው» የሚል መልስ ከመጣ መልሱ ልክ አይደለም። እርጅና ብር አይቀበልም።

ዓመቱም ይመርመር። ይኸው መኪና 20 ዓመት ይሠራል ተብሎ ቢጻፍ የዓመቱ ቅናሽ 100,000 ብር ብቻ ይሆናል። የመጀመሪያው ዓመት ትርፍም 250,000 ሆኖ ይታያል። በሳጥን ውስጥ ያለው ግን ያው 350,000 ነው። ትርፉን ያሳደገው የመኪናው ሥራ ሳይሆን ብዕሩ ነው። በዚያ ኮረኮንች መንገድ ላይ ያ መኪና 20 ዓመት ይቆያል ወይ ብሎ መጠየቅ የአባላት ድርሻ ነው።

ጥያቄዎች

1. ማህበሩ በአንድ ዓመት 800,000 ብር የጭነት ኪራይ አገኘ። 550,000 ብር በጥሬ ገንዘብ ወጪ አደረገ። በሳጥን ውስጥ ስንት ተጨመረ? የእርጅናው ቅናሽ ሲታሰብስ ትርፉ ስንት ነው?

2. መኪናው ሦስት ዓመት ከሠራ በኋላ በመዝገብ ላይ ያለው ዋጋ ስንት ይሆናል?